መስመሩ ለምን ዘግይቶ ይዞራል? ስለ 20 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ

ጥያቄ፦ የአንድ አክሲዮን የመዝጊያ ዋጋ በየቀኑ እመዘግባለሁ፤ በሰንጠረዡም ላይ የ20 ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ አሰላለሁ። ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። ዋጋው መውረድ ከጀመረ ሁለት የገበያ ሳምንት ሊሞላው ሲል እንኳ መስመሩ ገና ሽቅብ ይወጣ ነበር። በሌላ ጊዜ ደግሞ ዋጋው ምንም ሳይነቃነቅ መስመሩ በአንድ ቀን ዘለለ። ስሌቴ ተሳስቶ ይሆን? ቀኖቹን ላሳጥር ወይስ አንዳንዶች እንደመከሩኝ ወደ ኤክስፖኔንሻል አማካይ ልቀይር?

ምላሽ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው። ግራ ያጋቡዎት ሁለት ነገሮችም ከአንድ ቦታ የሚመነጩ ናቸው፤ እሱም አማካዩ ከአንዱ ቀን ወደ ቀጣዩ ሲሸጋገር በውስጡ የሚሆነው ነገር ነው። ከዚያ ብንጀምር የቀሩት ጥያቄዎች አብረው ይፈታሉ።

የዛሬው አማካይ የመጨረሻዎቹ 20 የመዝጊያ ዋጋዎች ድምር ለ20 ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ነገ አንድ አዲስ ዋጋ ይገባል፣ ከሁሉም የቆየው ይወጣል፣ በመሃል ያሉት 19ኙ ግን ባሉበት ይቀራሉ። 19ኙ በዛሬውም በነገውም ድምር ውስጥ ስላሉ ልዩነቱን ስናሰላ ይጣፋሉ። የሚተርፈው የገባው ሲቀነስ የወጣው፣ ለ20 ተካፍሎ ነው። ዋጋዎቹ በሰንጠረዥዎ B ዓምድ ላይ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምረው ከተጻፉ፣ በ22ኛው ረድፍ ላይ አማካዩ ከቀዳሚው ቀን የተለወጠበት መጠን ይህ ነው፦

```
=(B22-B2)/20
```

ይህን በአንድ ዓምድ ጽፈው ወደ ታች ይሙሉትና አማካዩን በቀጥታ አስልተው ከሚያገኙት ለውጥ ጋር ያስተያዩት፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ይገጥማል። ትርጉሙን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። መስመሩ ዛሬ የሚወጣው የዛሬው ዋጋ ከትናንቱ ስለበለጠ አይደለም፤ ከ20 የገበያ ቀን በፊት ከነበረው ዋጋ ስለበለጠ ብቻ ነው። በመሃል የሆነው ሁሉ መስመሩ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚቆም ይወስናል እንጂ ዛሬ ወደየት እንደሚያቀና ለመወሰን ድምፅ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው «የ20 ቀኑ አማካይ ወደ ታች ዞረ» ሲልዎ በትክክል የነገረዎት «የዛሬው ዋጋ ከ20 ቀን በፊት ከነበረው ያንሳል» የሚል ነው። ቅጥያ መልእክት የለበትም።

ዋጋው ሳይነቃነቅ መስመሩ የዘለለበትን ቀን በዚህ ዓይን ይመልከቱት። አንድ አክሲዮን ለረጅም ጊዜ 100 ላይ ቆሞ ነበር እንበል። አንድ ቀን በተሳሳተ ወሬ ወይም በምዝገባ ስሕተት 60 ላይ ተዘጋ፤ በማግስቱ ወደ 100 ተመልሶ ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም። በመጥፎው ቀን አማካዩ በ2 ይወርድና 98 ይሆናል፤ 40 ለ20 ሲካፈል 2 ነውና። ዋጋው በማግስቱ ቢያገግምም አማካዩ 98 ላይ እንደቆመ ይቀራል፣ 60 ገና በሚደመሩት 20 ዋጋዎች መስኮት ውስጥ አለና። በ20ኛው ቀን 60 ከመስኮቱ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው 100 ነው፤ አማካዩም በአንድ ጊዜ ከ98 ወደ 100 ይዘላል። በዚያ ቀን በገበያው ምንም አልሆነም። የዘለለው ከ20 ቀን በፊት የሆነ ነገር ስለተረሳ ነው። አንድ ክስተት በመስመሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል ማለት ነው፦ አንድ ጊዜ ሲገባ፣ ሁለተኛ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲወጣ። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ሐሰተኛ ነው፤ ብዙ ሰውም እሱን አይቶ «ዋጋው ሊነሣ ነው» ብሎ ይገዛል።

ይህን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። መስመሩ በጉልህ በተንቀሳቀሰበት ቀን የገባውን ዋጋ ከትናንቱ፣ የወጣውን ደግሞ በጊዜው ከነበሩት ጎረቤቶቹ ጋር ያስተያዩ። የገባው ከትናንቱ ብዙም ካልተለየና የወጣው ግን ከጎረቤቶቹ የተነጠለ ከሆነ፣ እንቅስቃሴው የመጣው ከድሮው እንጂ ከዛሬው አይደለም። በእርስዎ መዝገብም በዘለለበት ዕለት የወጣውን ቁጥር ቢፈልጉ እንዲህ ዓይነት የተነጠለ ዋጋ እንደሚያገኙ እጠብቃለሁ።

አሁን ወደ መዘግየቱ እንምጣ። በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ዕድሜ አላቸው። የዛሬው ዕድሜ 0 ቀን ነው፣ የትናንቱ 1፣ የመጨረሻው 19። ሁሉም እኩል ክብደት ስላላቸው አማካይ ዕድሜያቸው 9.5 ቀን ይሆናል። አማካዩን በዛሬው ቀን ላይ ብናስቀምጠውም የሚናገረው የዛሬ ዘጠኝ ቀን ተኩል ገደማ ስለነበረው ሁኔታ ነው። ለማንኛውም የቀን ብዛት ሕጉ ያው ነው፤ ከቀኖቹ ብዛት 1 ተቀንሶ ለ2 ይካፈላል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ የተስተካከለ ምሳሌ ላሳይዎ። ዋጋው በየቀኑ በ1 እየጨመረ ቆይቶ 150 ደረሰ፤ ከዚያ በየቀኑ በ1 እየቀነሰ መውረድ ጀመረ። ጣሪያው ላይ በደረሰበት ቀን አማካዩ 140.5 ነው፤ ከዋጋው በትክክል የ9.5 ቀን ጉዞ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ከዚያ ዋጋው እየወረደ አማካዩ እየወጣ ይቀራረባሉ። በ6ኛው ቀን ዋጋው 144፣ አማካዩ 144.4 ይሆናል፤ ዋጋው ከመስመሩ በታች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ቀን ነው። መስመሩ ግን ገና ሽቅብ ነው። በ10ኛው ቀን ዋጋው 140 ሲሆን ከ20 ቀን በፊት የነበረውም 140 ነው፤ የገባውና የወጣው እኩል ስለሆኑ አማካዩ 145 ላይ ይቆማል። መውረድ የሚጀምረው በ11ኛው ቀን ነው። እርስዎ ያዩት «ሁለት የገበያ ሳምንት» ይኸው ነው።

በዚህ ምሳሌ ከቀኖቹ ቆጠራ በተጨማሪ የማስተውለው ነገር አለ። የአማካዩ ጣሪያ 145 ነው፤ የዋጋው ግን 150 ነበር። አማካይ ዘግይቶ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ጫፎችንም ይሸርፋል። ስለዚህ የቀድሞ መስመርን ወደ ኋላ እያዩ «በዚህ ከፍታ ላይ ሸጬ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ማሰላሰል ትርጉም የለውም፤ በዚያ ከፍታ የተከፈለ ዋጋ ላይኖር ይችላል፤ ኖሮም ቢሆን በሌላ ቀን ነው።

ታዲያ ቀኖቹን ማሳጠር ያዋጣል? መዘግየቱ ይቀንሳል፤ የ5 ቀን አማካይ የሚዘገየው በ2 ቀን ነው። የሚከፈለው ዋጋ በሌላ በኩል ነው። በእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ላይ የተደረበው መዋዠቅ ከሌላው ቀን መዋዠቅ ጋር ካልተያያዘ፣ አማካይ ስፋቱን የሚያጠብበው በቀኖቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ልክ ነው። 20 ቀን መዋዠቁን ወደ ሩብ ግድም ያወርደዋል፤ 5 ቀን ግን ወደ ግማሽ ግድም ብቻ። የመዘግየቱና የማለስለሱ ልክ በአንድ ቁልፍ ላይ ናቸው፤ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማዞር አይቻልም። መስመሩ ባጠረ ቁጥር ዋጋው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ደጋግሞ ይሻገረዋል፤ ገበያው ወደ ጎን በሚሄድበት ወቅት እያንዳንዱን መሻገር እንደ ምልክት የሚወስድ ሰው ከፍ ሲል ይገዛል፣ ዝቅ ሲል ይሸጣል፣ በየጊዜውም ኮሚሽን ይከፍላል። 20፣ 50 እና 200 የሚባሉት ቁጥሮችም በስሌት የተገኙ ሕጎች አይደሉም። 20 አንድ ወር ገደማ የሚሆን የገበያ ቀን ነው፤ የቀሩትም በልማድ የጸኑ ናቸው።

ኤክስፖኔንሻል አማካይን በተመለከተ የተሰጠዎት ምክር ከፊሉ እውነት ነው። በዚህ ዓይነቱ አማካይ ድሮው በአንድ ቀን አይጣልም፤ በየቀኑ በእኩል መቶኛ እየደበዘዘ ይሄዳል። «የ20 ቀን» ሲባል ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ ለዛሬው ዋጋ የሚሰጡት ክብደት 2 ለ21 ሲካፈል የሚገኘው፣ ማለትም 9.5 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ክብደት የዋጋዎቹ አማካይ ዕድሜ ስንት እንደሚሆን ካሰሉት እንደገና 9.5 ቀን ይመጣል። ክብደቱ የተመረጠው ሆነ ተብሎ ይህ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ በሚወጣ ዋጋ ላይ ሁለቱ አማካዮች እኩል ይዘገያሉ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ጣሪያው ላይ ኤክስፖኔንሻሉም 140.5 ነው።

የሚለያዩት በመታጠፊያው ላይ ነው። ኤክስፖኔንሻሉ የሚያነጻጽረው ከ20 ቀን በፊት ካለ አንድ ዋጋ ጋር ሳይሆን ከራሱ የትናንት ልክ ጋር ስለሆነ፣ ዋጋው ከበታቹ እንደሆነ ወዲያው ይዞራል። በዚሁ ምሳሌ በ7ኛው ቀን ይወርዳል፤ ቀላሉ አማካይ ግን እስከ 11ኛው ይጠብቃል። የ60ው ዋጋ ያመጣው ሐሰተኛ ዝላይም በዚህ አይኖርም፤ የሚወጣ ነገር የለምና። በምትኩ መጥፎው ቀን ሲመጣ መስመሩ በ2 ሳይሆን በ3.8 ይወርዳል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ይመለሳል፤ ከ20 ቀን በኋላም ገና ግማሽ ነጥብ ያህል ጎድሎ ይገኛል። ቀላሉ የሚረሳበት ቀን አለው፣ ይኸኛው የለውም። እኔ ብጠየቅ ዝላዩ ለሚያሳስተው ሰው ኤክስፖኔንሻሉን እመርጣለሁ፤ መዘግየትን ያስቀራል ብሎ የሚቀይር ሰው ግን የሚጠብቀውን አያገኝም። የተሳሳተ ቁጥር ካለ ደግሞ ከሁለቱም በፊት ቁጥሩን ማረም ይቀድማል።

«ጨርሶ የማይዘገይ» ተብሎ የሚቀርብ መስመር ካጋጠመዎ አንድ ነገር ይፈትሹ። ዛሬ ለዛሬ ቀን የሚያሳየውን ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዚያው ቀን የሚያሳየውን ይዩ። ከተለወጠ መስመሩ መሃል ላይ የተተከለ ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀን ከፊቱም ከኋላውም ያሉትን ዋጋዎች ይጠቀማል። እንዲህ ያለው አማካይ ላለፈ ነገር ጥናት እጅግ ጥሩ ነው፤ ጣሪያውን በራሱ ቀን ላይ ያሳያል። ዛሬን ለመወሰን ግን አይረዳም፤ ለዛሬ የሚያስፈልጉት ዋጋዎች ገና አልተፈጠሩም። በታሪክ ገበታ ላይ እያንዳንዱን መታጠፊያ በትክክል የያዘ መስመር አይቼ በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

እስካሁን ያልነው መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ነው። ከሁሉ የባሰው ማሳሳት ግን ከሌላ ቦታ ይመጣል። አማካይ መውሰድ የሚጠቅመው ከቁጥሮቹ በስተጀርባ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ አንድ ደረጃ ሲኖርና በየቀኑ የሚታየው ቁጥር በዚያ ደረጃ ዙሪያ ሲወዛወዝ ነው። ለምሳሌ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ዕለታዊ የተያዦች ቁጥር በ7 ቀን አማካይ ይቀርብ የነበረው በበቂ ምክንያት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ምርመራና ሪፖርት ስለሚቀንስ ቁጥሩ በየሳምንቱ ይወርድና ይወጣ ነበር። የ7 ቀን መስኮት የትም ቢያርፍ እያንዳንዱን የሳምንት ቀን አንድ አንድ ጊዜ ይይዛል፣ ሳምንታዊው ውጣ ውረድም ይጠፋል። የ10 ቀን መስኮት ቢሆን ኖሮ አንዳንዶቹን ቀኖች ሁለት ጊዜ እየያዘ ውጣ ውረዱን በከፊል ይተወው ነበር። እዚያ የመስኮቱን ርዝመት የወሰነው ነገሩ ራሱ ነው፤ ኪሳራውም የ3 ቀን መዘግየት ብቻ ነበር።

የአክሲዮን ዋጋ እንዲህ አይደለም። የዛሬው ዋጋ በአንድ «እውነተኛ» ደረጃ ዙሪያ የሚወዛወዝ ሳይሆን በትናንቱ ላይ የተጨመረ ለውጥ ነው፤ ያ ዕለታዊ ለውጥም አስቀድሞ ለመገመት እጅግ የሚያስቸግር ነው። ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንዲህ ከሆነ፣ የነገን ዋጋ ለመገመት ከሁሉ የተሻለው ቁጥር የዛሬው ዋጋ ራሱ ነው፤ የ20 ቀን አማካይ ከእሱ የባሰ ግምት ይሆናል፣ የቆየ መረጃ ይቀላቅላልና። ሆኖም መስመሩ ለዓይን ያምራል፤ ማዕበል፣ አዝማሚያና መታጠፊያ ይታይበታል።

ይህ ማዕበል ከየት እንደሚመጣ የሶቪየቱ ኢኮኖሚስት ዬቭጌኒ ስሉትስኪ በ1927 አሳይቷል። ከመንግሥት የብድር ሎተሪ የወጡ ዕጣ ቁጥሮችን የመጨረሻ አሃዝ ወስዶ፣ በተከታታይ አሥር አሥሩን እየደመረ መስኮቱን በአንድ በአንድ አንቀሳቀሰ። በሎተሪ አሃዞች መካከል ምንም ዝምድና የለም። የተገኘው መስመር ግን በ19ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝን የንግድ ውጣ ውረድ ከሚያሳይ መስመር ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰል ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው፦ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ድምሮች ከአሥሩ ዘጠኙን ይጋራሉ፤ ስለዚህ አንዱ ከፍ ካለ ቀጣዩም ከፍ ማለቱ አይቀርም። ዝምድናው ያለው በድምሮቹ መካከል እንጂ በቁጥሮቹ መካከል አይደለም። ማዕበሉን የሠራው መሣሪያው ራሱ ነው።

«ዋጋው ወደ 20 ቀኑ መስመር ወርዶ ነጥሮ ተነሣ» የሚባለውንም በዚህ ልክ መመዘን ይገባል። መስመሩ የተሠራው ከዚያው ዋጋ ነው፤ ዋጋው በሄደበት ሁሉ ይከተለዋል። ስለዚህ ዋጋው መስመሩን በየጊዜው መንካቱ አይቀርም፤ ከነካውም በኋላ ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። የወጣባቸው ጊዜያት ገበታ ላይ ጎልተው ይታያሉ፣ ሰብሮት ያለፈባቸው ግን «አዝማሚያው ተቀየረ» በሚል ሌላ ስም ይመዘገባሉ። እንዲህ ሆኖ ደንቡ ሊሸነፍ አይችልም፤ ሊሸነፍ የማይችል ደንብ ደግሞ አልተፈተነም።

በእርስዎ መዝገብ ላይ ሊያደርጉት የሚችሉት ፈተና አለ። በቅድሚያ የየቀኑን ለውጥ በመቶኛ አስልተው በአንድ ዓምድ ይጻፉ። ቀጥሎ በጎኑ በእያንዳንዱ ረድፍ `=RAND()` ጽፈው፣ ሁለቱንም ዓምዶች ከቀመር ወደ እሴት ቀይረው፣ ለውጦቹን በዕጣ ቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ይደርድሩ። አሁን ያው ለውጦች አሉዎት፤ ቅደም ተከተላቸው ግን በዕጣ ሆኗል። ከመጀመሪያው ዋጋ ተነሥተው አዲሱን ዋጋ ይገንቡና የ20 ቀን አማካዩን ይሣሉበት። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ደጋግመው እውነተኛውን ገበታ ከመካከላቸው ይቀላቅሉት፤ ቀኖቹንና የዋጋ ልኩን ሰውረው ለአንድ ገበያውን ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት። የትኛው እውነተኛ እንደሆነ መለየት ካቃተው፣ በመስመሩ ላይ ያያቸው አዝማሚያዎችና ነጥሮ መነሣቶች በዕጣም የሚገኙ ናቸው ማለት ነው። የመግዣና የመሸጫ ደንብዎንም በሁሉም ላይ ያስሉት፤ የእውነተኛው ትርፍ ከተዘበራረቁት ተለይቶ ካልታየ ደንቡ ከዋጋዎቹ ቅደም ተከተል ምንም አልተማረም። ሲያሰሉ ግን ምልክቱ የሚታወቀው ከመዝጊያው በኋላ ስለሆነ ግዢው በማግስቱ ዋጋ ይያዝ፤ በዚያው ቀን መዝጊያ የገዙ አድርገው ካሰሉ ያልነበረዎትን መረጃ ተጠቅመዋል።

መስመሩን ከገበታዎ አያጥፉት። ዋጋው ላለፈው አንድ ወር በአማካይ ከቆመበት በላይ ይሁን በታች በአንድ እይታ ያሳያል፤ ለዚህ ታማኝ ነው። ቀኖቹንም ለጊዜው አይቀይሩ፤ ከመስመሩ ጎን ግን መጀመሪያ የጻፍኩትን የለውጥ ዓምድ ይጨምሩበት፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥርም የገባውንና የወጣውን ሁለቱን ቁጥሮች አብረው ያንብቡ።